ከስትሮክ በኋላ አልጋ ላይ የዋለ ታካሚን ከአልጋ ቁስል መጠበቅ፦ የ24 ሰዓት የነርሲንግ እቅድ አሠራር

በብዙ ዋርዶች የስትሮክ ታካሚ እቅድ ላይ ስለ አልጋ ቁስል የሚጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ»። መስመሩ ስህተት የለበትም። ግን ወደ የትኛው ጎን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ፣ ምግብ በቱቦ ሲሰጥስ እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የለውም። ሌሊት አንዲት ነርስ ለብዙ ታካሚ ተረኛ በሆነችበት ዋርድ ደግሞ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሳይሠራ ያድራል። እዚህ ያለው አሠራር ያንን አንድ መስመር ዘርዝሮ የሙሉ ቀን ሥራ ያደርገዋል። የተጻፈው ለነርሶች ነው፤ ነገር ግን በእኛ ሆስፒታሎች የሥራውን ግማሽ የሚሸከሙት አስታማሚዎች ስለሆኑ እነሱም ሊከተሉት ይችላሉ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት እናት እንውሰድ። 62 ዓመታቸው ነው፤ 55 ኪሎ ይመዝናሉ። ስትሮኩ የመታቸው በግራ የአንጎል ክፍል በኩል ስለሆነ የቀኝ እጅና እግራቸው አይንቀሳቀስም፣ መናገርም አቅቷቸዋል። ሆስፒታል ከገቡ 3ኛ ቀናቸው ነው። ያንቀላፋሉ፤ ጠንከር ብለው ሲነኳቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ውሃ ሲሞከር ስላሳላቸው በአፍንጫ ቱቦ ገብቶላቸዋል። ሽንት አይቆጣጠሩም፤ ዳይፐር ተደርጎላቸዋል። አጠገባቸው ልጃቸው አለች፤ ሌሊት ደግሞ የእህታቸው ልጅ ይተካታል።

መጀመሪያ፦ ስጋቱን በቁጥር ማስቀመጥ

የምንጠቀመው ባርባራ ብራደንና ናንሲ በርግስትሮም አሜሪካ ውስጥ ያዘጋጁትንና በ1987 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን የብራደን መለኪያ ነው። ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ስሜት፣ እርጥበት፣ ከአልጋ መውረድ፣ አልጋ ላይ መንቀሳቀስ፣ አመጋገብ፣ መፋተግና መንሸራተት። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከ1 እስከ 4፣ የመጨረሻው ከ1 እስከ 3 ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ይሆናል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስጋቱ ይጨምራል። ከ15 እስከ 18 ቀላል፣ 13 እና 14 መካከለኛ፣ ከ10 እስከ 12 ከፍተኛ፣ 9 እና ከዚያ በታች በጣም ከፍተኛ ስጋት ይባላል።

እኚህን እናት እንመዝናቸው። ምላሽ የሚሰጡት ጠንከር ተብለው ሲነኩ ስለሆነና ግማሽ አካላቸው ስለደነዘዘ ስሜት 2። ዳይፐሩ በየፈረቃው ቢያንስ አንዴ ረጥቦ ስለሚገኝ እርጥበት 2። ከአልጋ ስለማይወርዱ 1። አልጋ ላይ በግራ እጃቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ ራሳቸውን ግን አያዞሩም፤ 2። ቱቦው ከገባ በኋላ የሚያገኙት ምግብ ገና ከሚያስፈልጋቸው በታች ስለሆነ አመጋገብ 2። ወደ ላይ ሲሳቡ ሁልጊዜ ሰው ስለሚያስፈልጋቸውና ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ስለሚንሸራተቱ 1። ድምሩ 10፤ ከፍተኛ ስጋት ነው።

ከድምሩ ይልቅ ግን ዝርዝሩ ይጠቅማል። 1 እና 2 ያገኘ ነገር ሁሉ እቅዱ ላይ የራሱ ሥራ ሊኖረው ይገባል። «ብራደን 10» ብሎ ጽፎ ሁሉንም ታካሚ በአንድ ዓይነት እቅድ ማስተናገድ መለኪያውን ወረቀት ብቻ ያደርገዋል። ምዘናው በየቀኑ፣ ሁኔታቸው በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ወዲያው ይደገም።

እቅዱ ላይ የሚሰፍረው የነርሲንግ ምርመራ እንዲህ ይነበባል፦ «ከቀኝ ጎን አለመንቀሳቀስ፣ ከስሜት መደንዘዝ፣ ከሽንት እርጥበትና ከምግብ ማነስ ጋር የተያያዘ የቆዳ መጎዳት ከፍተኛ ስጋት»። ግቡም የሚለካ ይሁን፦ «በሚቀጥሉት 7 ቀናት በተረከዝ፣ ከመቀመጫ በላይ ባለው አጥንት፣ በዳሌ ጎን፣ በቁርጭምጭሚት፣ በክርን፣ በጆሮና ቱቦ በሚነካቸው ቦታዎች ላይ የማይጠፋ የቀለም ለውጥ ወይም ቁስል አይኖርም»። «የቆዳ ጤንነት ይጠበቃል» የሚል ግብ 7 ቀን ሲሞላ መሳካቱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ሁለተኛ፦ ቆዳውን ማንበብ

መማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያው ምልክት «የማይጠፋ መቅላት» ነው ይላሉ። በጠየም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላትን የሚጠብቅ ሰው ግን ምልክቱ ሲያልፈው አያየውም። የእኛ ታካሚ ቆዳ ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ አይቀላም፤ ከአካባቢው ይልቅ ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅነት ይሄዳል ወይም ያብረቀርቃል። አንዳንዴ ዓይን ምንም ሳያይ እጅ ቀድሞ ያገኘዋል።

ስለዚህ በእጅ ይፈተሽ። መጋረጃውን ከፍቶ የቀን ብርሃን ማስገባት፣ ሌሊት ከሆነ የስልክ መብራት በጎን በኩል ማብራት። በእጅ ጀርባ አጥንቱ ላይ ያለውን ቆዳ መንካት፣ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለውን መንካትና ማነጻጸር። ሙቀት ጨምሯል ወይስ ቀዝቅዟል? ጠንክሯል ወይስ እንደ ጭቃ ልል ሆኗል? ያበጠ ነው? በጣት ለ3 ሰከንድ ጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ቀለሙ ፈዝዞ ይመለሳል ወይስ እንዳለ ይቀራል? መናገር ለማይችል ታካሚ ፊቱ ይታይ፤ በግራ በኩል ሲነኩ ፊታቸው ከተኮማተረ ያማቸዋል ማለት ነው። በቀኝ በኩል ሲነኩ ፊታቸው ካልተለወጠ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ያ ጎን ሕመም አያስተላልፍም።

አጠራጣሪ ቦታ ከተገኘ ታካሚዋ ከዚያ ቦታ ላይ ይነሱና ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይታይ። ለውጡ ከጠፋ ያ ጎን የሚተኙበት ጊዜ ይጠር። ካልጠፋ 1ኛ ደረጃ የአልጋ ቁስል ነው፤ ቆዳው ባይላጥም ቁስል ተብሎ ይመዘገባል፣ ለሐኪሙ ይነገራል፣ እስኪድን ድረስም በዚያ ቦታ ላይ አይተኙም። ቦታው አይታሽም። «ደም እንዲዘዋወር» ተብሎ በቅባት ማሸት ከቤተሰብ ፍቅር የሚመጣ ልማድ ነው፣ ነገር ግን ከሥር የተጎዳውን ሥጋ የበለጠ ይቀጠቅጠዋል።

ሙሉው ፍተሻ በእያንዳንዱ ፈረቃ መጀመሪያ አንዴ ይደረግ። ወጪዋና ገቢዋ ነርስ ርክክብ ሲያደርጉ አብረው ቢያዩ ደግሞ ይበልጣል፤ ያኔ «እኔ ስረከብ ነበረ፣ አልነበረም» የሚለው ክርክር አይነሳም።

ሦስተኛ፦ የምግቡና የመገላበጡ ሰዓት መጋጨት

የስትሮክ ታካሚ እቅድ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለቆዳው ሲባል የአልጋው ራስጌ ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይነሳ እንፈልጋለን። ራስጌው ከፍ ሲል ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ከውስጥ ይወርዳል፣ በመካከል ያሉት ደም ሥሮችም ይጎተታሉ፣ ይቆለመማሉ። በሌላ በኩል በቱቦ የሚመገብ ሰው ጠፍጣፋ ከተኛ ምግቡ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለሳንባው ሲባል ራስጌው ከ30 በታች እንዳይወርድ፣ በምግብ ሰዓት ደግሞ ወደ 45 እንዲጠጋ እንፈልጋለን።

መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ማሰር ነው። በቀሪው ሰዓት ራስጌው 30 ላይ ይቆያል፤ 45 የሚሆነው በምግብ ሰዓት ብቻ፣ ያውም ለ1 ሰዓት ነው። ምግቡ በቀስታ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ቀሪው 40 ደቂቃ ማረፊያ ነው። ከዚያ ወዲያው ወደ ጎን ይዞራሉ። ራስጌው ከመነሳቱ በፊት ጉልበታቸው ሥር ትራስ ይግባ ወይም የአልጋው የእግር ክፍል ይነሳ፤ ጉልበቱ ቀድሞ ከታጠፈ ሰውነቱ አይንሸራተትም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ለእኚህ እናት ያወጣነው ሰሌዳ ይህ ነው። ግራ ጤነኛ ጎናቸው ስለሆነ እዚያ 2 ሰዓት፣ ቀኝ የደነዘዘው ጎናቸው ስለሆነ እዚያ 1 ሰዓት ብቻ ይተኛሉ።

- ጠዋት 12 ሰዓት፦ በጀርባ፣ ራስጌ 45፣ ምግብ
- 1 ሰዓት፦ በግራ ጎን
- 3 ሰዓት፦ በቀኝ ጎን
- 4 ሰዓት፦ በጀርባ፣ ምግብ
- 5 ሰዓት፦ በግራ
- 7 ሰዓት፦ በቀኝ
- 8 ሰዓት፦ በጀርባ፣ ምግብ
- 9 ሰዓት፦ በግራ
- 11 ሰዓት፦ በቀኝ
- ምሽት 12 ሰዓት፦ በጀርባ፣ ምግብ፤ ከዚያ 1 ሰዓት በግራ፣ 3 ሰዓት በቀኝ
- ምሽት 4 ሰዓት፦ በጀርባ፣ የቀኑ የመጨረሻ ምግብ
- 5 ሰዓት፦ በግራ
- ሌሊት 7 ሰዓት፦ በቀኝ
- 8 ሰዓት፦ በጀርባ፣ ራስጌ 30፣ ያለ ምግብ
- 10 ሰዓት፦ በግራ፣ እስከ ጠዋት 12

ሰሌዳው በትልቁ ተጽፎ ከራስጌ በላይ ይለጠፍ። አንድ ነገር ልብ ይባል፦ በአንዳንድ ቻርቶች ላይ ነርሶች የፈረንጅ ሰዓት ይጽፋሉ፣ አስታማሚዋ ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ታነባለች። «8» የሚለው ለአንዷ ከሰዓት በኋላ፣ ለሌላዋ ጠዋት ይሆናል። ዋርዱ አንዱን ይምረጥና የተለጠፈው ሰሌዳ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

2 ሰዓት የተለመደ መነሻ ነው። ከ2 ሰዓት በፊትም ቆዳው ምልክት ካሳየ ይጠር፤ ጥሩ ፍራሽ ካለና ቆዳው ለቀናት ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱን ማራዘም ይቻላል። የሚወስነው በእያንዳንዱ ዙር እጃችን ያገኘው ነገር ነው።

አራተኛ፦ አገላበጡ ራሱ

ወደ ጎን ማዞር ማለት ዳሌው አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ማዞር አይደለም። ሙሉ በሙሉ በጎን የተኛ ሰው ክብደት ሁሉ የዳሌ ጎን አጥንት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ላይ ያለው ሥጋ ደግሞ ስስ ነው። የሚፈለገው 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለት ብቻ ነው፤ ክብደቱ በዳሌው ጎን አጥንትና በጀርባው መሐል ባለው ወፍራም የመቀመጫ ሥጋ ላይ እንዲያርፍ።

ሥራው ለሁለት ሰው ነው። ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ አንሶላ ለሁለት ታጥፎ ከታካሚዋ ሥር ይደረጋል፤ ማንሻ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው የአንሶላውን ጫፍ ወደ ሰውነቷ አስጠግተው ይጠቀልሉና አንስተው ያዛውራሉ። አይጎተትም። በብብት ይዞ ወደ ላይ መሳብም አይፈቀድም፤ የደከመው ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ለወራት ይቆያል።

ወደ ቀኝ ለማዞር መጀመሪያ ቀኝ ትከሻቸውና እጃቸው ወደ ፊት ይወጣል፤ ከሰውነት ሥር ተጨፍልቆ እንዳይቀር። እጁ ሲንቀሳቀስ ክርንና ትከሻ ከሥር ይደገፋሉ እንጂ በእጅ አንጓ አይሳብም። ከዚያ ግራ ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ በአንሶላው ይዞራሉ፣ ከጀርባ በኩል ከትከሻ እስከ ዳሌ ትራስ ይገባል። በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ሌላ ትራስ ይገባል። በመጨረሻ መዳፍን ከመቀመጫ በላይ ባለው አጥንት ሥር አስገብቶ መሞከር ነው፤ እጅ በነጻ ካለፈ አጥንቱ ከፍራሹ ተነስቷል፣ ካላለፈ ትራሱ ይስተካከል።

ተረከዝ ለብቻው ይታሰብ። ተረከዝ ላይ ያለው ሥጋ በጣም ትንሽ ስለሆነ እንዲሁ መገላበጡ አያድነውም፤ ሙሉ በሙሉ አየር ላይ መንሳፈፍ አለበት። ትራስ በርዝመቱ ከባት ሥር ይደረጋል፣ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል፣ ተረከዙ ከትራሱ ጫፍ አልፎ ይንጠለጠላል። ወረቀት በተረከዙና በፍራሹ መካከል ሳይነካ ካለፈ ትክክል ነው። ትራሱን ከተረከዙ በላይ ባለው ጅማት ሥር ብቻ ማድረግ ጫናውን ወደ ጅማቱ ያዛውረዋል።

ዋርዱ ላይ ለአንድ ታካሚ አራት ትራስ አይገኝም። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በደንብ ተጠቅልሎ በንጹሕ አንሶላ ቢሸፈን ያገለግላል፤ ጥቅሉ ከጊዜ ጋር ስለሚሟሽሽ በየዙሩ መልሶ መጠቅለል ነው። የማያገለግሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እንደ ቀለበት የተሠራ ጨርቅና በውሃ የተሞላ ጓንት። ቀለበቱ በዙሪያው ያለውን ደም ሥር ተጭኖ መሐሉን ያለ ደም ያስቀረዋል፤ ጓንቱ ከክብደት በታች ጠፍጣፋ ሆኖ ምንም አይቀንስም።

ስለ ፍራሽ ጥቂት ልበል። የአየር ፍራሽ ማገላበጥን አይተካም። ስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ እጅን መዳፍ ወደ ላይ አድርጎ ከፍራሹ ሥር፣ በታካሚዋ መቀመጫ ትክክል ማስገባትና ማየት ነው። አጥንቱ በቀጥታ እጅ ላይ ከተሰማ፣ በመካከሉም የ2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ስፖንጅ ካልቀረ ፍራሹ አልቋል። ፍራሹን ከሽንት ለማዳን ላስቲክ ሲነጠፍ ደግሞ ላስቲኩ ከቆዳው ጋር በቀጥታ አይገናኝ፤ በላዩ አንድ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። ሦስት አራት ንጣፍ ሲደራረብ ጥሩው ፍራሽም ጥቅሙን ያጣል።

አምስተኛ፦ እርጥበት

በእያንዳንዱ ዙር ዳይፐሩ ይታያል፤ የተለየ ሰዓት አያስፈልገውም። ረጥቦ ከተገኘ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ይደርቃል፣ ስስ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለው ቅባት ይቀባል። ዱቄት አይነሰነስም፤ ከእርጥበት ጋር ሲቀላቀል ይደርቅና ቆዳ የሚፍቅ ቅንጣት ይሆናል። አልኮልም ቆዳውን ያደርቃል፣ ያሰነጥቃል።

ለቆዳ ጥበቃ ብቻ ተብሎ የሽንት ካቴተር አይገባም፤ የሚያመጣው ኢንፌክሽን ከጥቅሙ ይበልጣል። በሌላ ምክንያት ገብቶ ካለ ቱቦው ከጭን በላይ ይለፍ፤ ከጭን ሥር ካለፈ ራሱ ቁስል ይሠራል። የአፍንጫ ቱቦውም እንዲሁ በየቀኑ ፕላስተሩ ተነስቶ አፍንጫው ይታይ፣ ቱቦው ቀዳዳውን ወደ ላይ እንዳይጫን ሆኖ እንደገና ይለጠፍ። ኦክስጅን ካለ ከጆሮ ጀርባ ያለው ቆዳ ይፈተሽ።

ስድስተኛ፦ ምግቡን ማስላት

ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪና ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። ለ55 ኪሎ ከ1,650 ኪሎ ካሎሪና ወደ 69 ግራም ፕሮቲን ይጀምራል ማለት ነው። ፈሳሽ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ከተያዘ 1,650 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ካለ ቁጥሮቹን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አስታማሚዎች ብዙውን ጊዜ በቱቦው የሚያሳልፉት ቀጭን አጥሚት ነው። ቱቦው ስለማይዘጋ ይመቻቸዋል፣ ሆድም ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል። ለእኚህ እናት ከቤት የሚመጣው የቀን ድብልቅ እንዲህ ተሠራ፦ 1 ሊትር የፈላ ወተት (ፕሮቲኑ 32 ግራም ያህል)፣ በደንብ የተቀቀለ 4 እንቁላል (24 ግራም ያህል)፣ ጥሬውን 60 ግራም ተመዝኖ በደንብ የበሰለ ክክ ምስር (14 ግራም ያህል)፣ 50 ግራም የአጥሚት ዱቄት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሁሉም በመፍጫ ተፈጭቶ በወንፊት ይጠለላል፣ በውሃ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይሞላል። ለአምስት ተከፍሎ በየምግቡ 300 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ቱቦው ከምግቡ በፊትና በኋላ በ15 በ15 ሚሊ ሊትር ውሃ ይታጠባል። ጠቅላላው ልክ 1,650 ይመጣል። ድብልቁ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በክፍል ሙቀት ከዋለ ተቅማጥ ያመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ በ300 አይጀመርም፤ በ100 ወይም በ150 ተጀምሮ ሆዳቸው ካልተነፋና ካላስመለሳቸው በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ይደረሳል። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ነርሷ ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ታረጋግጥ፦ አፍንጫው ጋ ያለው ምልክት አልተንቀሳቀሰም? በሲሪንጅ ሲሳብ የጨጓራ ፈሳሽ ይመጣል? ጥርጣሬ ካለ ምግቡ ይቁም። ምግቡ በሲሪንጅ አይገፋም፤ ሲሪንጁ ከፍ ተደርጎ በራሱ ይወርዳል። ሳል ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ከመጣ ወዲያው ይቁም፣ ሐኪም ይጠራ። ወተቱ ተቅማጥ ካመጣ በአኩሪ አተር ወተት ይለወጥ፤ ተቅማጥ ቆዳውን ከሽንት በፍጥነት ይበላዋልና።

ሰባተኛ፦ ማን ምን ይሠራል

ቆዳን መፈተሽ፣ ቱቦን ማረጋገጥና መመዝገብ የነርስ ሥራ ነው። ማዞር፣ ዳይፐር መቀየርና ትራስ ማስተካከል ከአስታማሚ ጋር በጋራ ይሠራል። አስታማሚዋ በቃል ከተነገራት አትይዘውም። መጀመሪያ ነርሷ እየሠራች ታይ፣ ቀጥሎ አብረው ይሥሩ፣ ከዚያ አስታማሚዋ ራሷ እየሠራች ነርሷ ትይ። «እሺ ሲስተር፣ ገባኝ» ማለቷ አይበቃም፤ ወረቀቱን ከተረከዝ ሥር አሳልፋ ስታሳይ ገብቷታል።

መዝገቡ ላይ ሰዓት፣ የተኙበት ጎን፣ የቆዳው ሁኔታና የሠራው ሰው ስም ይገባል። በፈረቃው መጨረሻ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ጊዜ የተሞላ መዝገብ በቀላሉ ይታወቃል፦ ሰዓቶቹ ሁሉ ሳይዛነፉ ልክ ናቸው። እውነተኛ መዝገብ ላይ 3፡10 እና 5፡25 ይታያል። ሌላው ምስክር ቆዳው ነው፤ የአንሶላው እጥፋት ጀርባ ላይ ጠልቆ ከታተመና ቦታው ከሞቀ፣ መዝገቡ የፈለገውን ቢል ታካሚዋ አልተገላበጡም።

እቅዱ ሲፈተን

በ5ኛው ቀን ጠዋት ርክክብ ላይ ቀኝ ተረከዛቸው ሞቆ፣ ውጨኛው ጠርዙ ከግራው ጠቁሮ ተገኘ። ቆዳው አልተላጠም። ከ30 ደቂቃ በኋላም ስላልተለወጠ 1ኛ ደረጃ ተብሎ ተመዘገበ፣ ቦታው በሴንቲ ሜትር ተለካ፣ ለሐኪሙ ተነገረ። ምክንያቱ ሲፈለግ ሌሊት በጀርባ በሚተኙበት ሰዓት እግራቸው ወደ ውጭ ተንከባሎ ከትራሱ መውረዱ ታወቀ፤ ከስትሮክ በኋላ የደከመ እግር እንዲህ ያደርጋል። እቅዱ ላይ ሁለት ነገር ተጨመረ፦ ከቀኝ ጭናቸው ውጭ በኩል የተጠቀለለ ብርድ ልብስ እንዲደረግ፣ በየሰዓቱም ባትሪ አብርቶ ተረከዙን ማየት። ከ3 ቀን በኋላ ሙቀቱ ጠፋ፣ ቀለሙም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ለውጡ በሌላ አቅጣጫ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ቆዳው ተልጦ ወይም ውሃ ቋጥሮ ቢገኝ፣ 2ኛ ደረጃ ነው። ያኔ በኖርማል ሳላይን ታጥቦ እርጥበት በሚጠብቅ ልባስ ይሸፈናል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ሆነ የተፈጨ አንቲባዮቲክ አይደረግበትም። ሥጋ ከታየ፣ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ የሐኪም ጉዳይ ነው፣ በዚያው ፈረቃ። ተረከዝ ላይ ደርቆ የተጣበቀ ጥቁር ቅርፊት ካለና በዙሪያው እብጠት ወይም ፈሳሽ ከሌለ ግን አይነሳም፤ ከጫና ተጠብቆ ይተዋል።

በ10ኛው ቀን እንደገና ተመዘኑ፦ ስሜት 3፣ እርጥበት 3፣ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ 2፣ እንቅስቃሴ 2፣ አመጋገብ 3፣ መፋተግ 2፤ ድምር 15። ቁጥሩ ቀላል ስጋት ይላል። እኔ ግን ሰሌዳውን በዚህ ቁጥር አላላላውም፤ ቀኝ እጅና እግራቸው ዛሬም አይሰማቸውምና የቀኙ ጎን 1 ሰዓት እንዳለ ይቀጥላል።

ወንበሩ ደግሞ አዲስ ቦታ ለአደጋ ያጋልጣል፤ የተቀመጠ ሰው ክብደት መቀመጫ ሥር ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ያርፋል። ስለዚህ እቅዱ ላይ ተጨመረ፦ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሥራቸው ወፍራም ስፖንጅ ይሁን፣ እግራቸው መሬት ወይም መርገጫ ላይ ይረፍ፣ ቀኝ እጃቸው በትራስ ይደገፍ። ልጃቸው በየ15 ደቂቃው ወደ ፊትና ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋቸዋለች፤ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ትከሻቸውን ትደግፋለች። ወደ አልጋ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚታየው ተረከዛቸው ሳይሆን መቀመጫቸው ነው።